የአባትሽ ደብተር በአንድ ገጽ

*"አባቴ ግፊትም ስኳርም አለባቸው። ቤት የለኩትን እየጻፉ እንዲያመጡ ስለተነገራቸው ስድስት ሳምንት ሙሉ በደብተር ሲመዘግቡ ከረሙ። ባለፈው ቀጠሮ ግን ሐኪሙ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልን፤ ጊዜም አልነበራቸውም። አሁን በየሳምንቱ አማካይ አውጥቼ ግራፍ ልሠራላቸው አሰብኩ። ችግሩ ገጹ ትርምስምስ ያለ ነው። ግፊትና ስኳር ተደባልቋል፣ የተዘለለ ቀን አለ። መጀመሪያ አካባቢ 6.8፣ 7.1 የሚሉ የስኳር ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ አንድ ቦታ HI ይላል፤ ሰላምታ ነው እንዴ? ግፊታቸው ከፍ ሲል ደጋግመው ይለኩና ዝቅ ያለውን ነው የሚጽፉት። የአራተኛውን ሳምንት ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ከየት ልጀምር?" — ልጃቸው*

HI ሰላምታ አይደለም። እንዲያውም ከደብተሩ ሁሉ ሐኪሙ ቀድመው ማየት ያለባቸው እሱን ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አማካዩ እናውራ። ሐኪሙ ከቤት ልኬት የሚፈልጉት ጥቂት ነገር ነው። ግፊቱ ጠዋት እንዴት ነው፣ ማታስ? ስኳሩ በባዶ ሆድ ስንት ነው፣ ከምግብ በኋላስ? ስኳሩ ወርዶባቸው ያውቃል ወይ? ለሳምንቱ አንድ የግፊትና አንድ የስኳር አማካይ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አይመለስም። ለምን እንደሆነ የላክሽው ገጽ ራሱ ያሳያል።

በአራተኛው ሳምንት የአባትሽ የጠዋት ግፊት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሰባተኛው እንዲህ ነው፦ 148/86፣ 144/84፣ 151/88፣ 146/85፣ 149/87፣ 143/83፣ 148/87። የላይኛው ቁጥር አማካይ 147፣ የታችኛው 86 ይመጣል። የማታው ደግሞ 128/76፣ 132/78፣ 126/75፣ 130/77፣ 127/74፣ 131/78፣ 129/76 ነው። አማካዩ 129/76።

ሁለቱን ብትደባልቂ 138/81 ታገኛለሽ። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ይባላል፤ ክሊኒክ ውስጥ 140/90 እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ 138 "ትንሽ አለፍ ብሏል" የሚያስብል ቁጥር ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማታ ደህና ናቸው፣ ጠዋት ደህና አይደሉም። 138 አካባቢ የሆኑበት አንድም ጊዜ የለም፤ ከማታው ትልቁ 132 ነው፣ ከጠዋቱ ትንሹ 143።

ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ለምሳሌ ክኒኑን ጠዋት የሚወስዱ ከሆነና ከመውሰዳቸው በፊት የሚለኩ ከሆነ፣ የትናንቱ ክኒን ኃይል እያለቀ ይሆናል። የእንቅልፍ ችግርም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። የቱ እንደሆነ የሚወስኑት ሐኪሙ ናቸው። አንቺ ግራፉን አይተሽ የክኒኑን ሰዓት እንዳትቀይሪባቸው። ክኒኑን መቼ እንደሚወስዱና ልኬቱ ከክኒን በፊት ይሁን በኋላ ግን ገጹ ላይ ጻፊ፤ እሱ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች አባትሽ ዝቅ ያለውን መርጠው የጻፏቸው ናቸው። ተመርጦም ጠዋት 147 ከመጣ፣ ያልተመረጠው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። አብዛኛው የክንድ ግፊት መለኪያ ልኬቱን በሜሞሪ ይይዛል። ከደብተሩ ጋር አስተያዪውና የጎደለውን ከማሽኑ ሙዪ። ሌላ ሰውም በማሽኑ ይለካ ከነበረ ግን ተጠንቀቂ፤ ማሽኑ የማን እንደሆነ አይለይም። ሜሞሪ ከሌለው ወይም ከጠፋ ገጹ ላይ በግልጽ "ከተደጋገሙ ልኬቶች ዝቅተኛው የተጻፈበት" ብለሽ አስፍሪ። ማፈር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ሐኪሙም ያውቁታል።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። በባዶ ሆድ የተለካው በቅደም ተከተል 118፣ 126፣ 61፣ 171፣ 122፣ 115፣ 120 ነው። አማካዩ 119። ስኳር ላለበት አብዛኛው ሰው ከምግብ በፊት የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው፤ 119 ምንም አይወጣለትም። ሐኪሙ ይህን ብቻ ቢያዩ "በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ይቀጥሉ" ብለው ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ።

ግን ሦስተኛው ቀን 61 ነው። ከ70 በታች የስኳር መውረድ ይባላል። ከአጠገቡም አባትሽ በራሳቸው እጅ "ማታ ሳልበላ ተኛሁ፣ ላበኝ" ብለው ጽፈዋል። ይህቺ አጭር ማስታወሻ ከአማካዩ የበለጠ ዋጋ አላት። በማግስቱ 171 መጣና 61ን ከአማካዩ ውስጥ ሸፈናት። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ አማካይ ሁለቱንም ያጣፋቸዋል፤ ሥራው ነው። ስለዚህ ለስኳር ከአማካዩ ጎን ሦስት ነገር ሁልጊዜ ይኑር፦ ትንሹ ቁጥር፣ ትልቁ ቁጥር፣ ስንት ጊዜ እንደተለካ። ከ70 በታች የሆነው ሁሉ ደግሞ ከነቀኑና ከነማስታወሻው ለብቻው ይጻፍ።

ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ የተለካው አራት ብቻ ነው፦ 174፣ 182፣ 148፣ 196። አማካዩ 175። እዚህ ላይ በብዛት የሚሰጠው ገደብ 180 ነው። አሁን በባዶ ሆድ ካሉት ሰባቱ ጋር ብንደምረው አማካዩ 139 ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት አባትሽ ከምግብ በኋላ አንዴ ብቻ ቢለኩና 175 ቢመጣ፣ የባዶ ሆዱ እንዳለ ሆኖ፣ አማካዩ ወደ 126 ይወርዳል። ግራፉ ላይ የተሻላቸው ይመስላል። የተቀየረው ግን የለኩበት ጊዜ ነው፤ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። በባዶ ሆድና ከምግብ በኋላ የተለካው አንድ ላይ የማይደመረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ HI። ብዙ የስኳር መለኪያዎች ይህን የሚያሳዩት ቁጥሩ ሊያነቡት ከሚችሉት በላይ ሲሆን ነው። በብዙዎቹ ጣሪያው 600 ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው አረጋግጪ። LO የሚል ካለ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማሽኑ ከሚያነበው በታች ወርዷል ማለት ነው።

ተንኮሉ ኤክሴል ላይ ነው። HI ቁጥር ስላልሆነ አማካይ ሲሠራ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ያ ሳምንት ከምግብ በኋላ 168፣ 190፣ HI፣ 179 ቢሆን፣ ኤክሴል የሦስቱን አማካይ ወስዶ 179 ይልሻል። ከ180 በታች! ከሁሉ የከፋው ልኬት ጠፍቶ ሳምንቱ ያማረ መሰለ ማለት ነው። HIን 600 ብለሽ አትተኪው፤ ትክክለኛው ቁጥር አይታወቅምና። እንዳለ ጻፊው፣ ለብቻው ቁጠሪው፣ ግራፉ ላይም ከላይ ጫፍ "HI" የሚል ምልክት አድርጊ።

ጣት ላይ የቀረ ጣፋጭ ነገርም የውሸት ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። ያን ቀን እጃቸውን ታጥበው ደግመው ለክተው እንደነበር ጠይቂያቸው፤ መልሱንም ጻፊው። ከእንግዲህ ከመጣ ግን ታጥበው ወዲያው ይድገሙ። አሁንም HI ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሕክምና ነው። LO ካለ ደግሞ መጀመሪያ ፈጥኖ የሚሠራ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጪ እርዳታ ጥሪ።

6.8 እና 7.1 የሌላ ማሽን ቁጥሮች ናቸው፣ ወይም ማሽኑ በሌላ መስፈሪያ ተሞልቶ ነበር። ስኳር በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ሚሊሞል በሊትር። ሁለተኛውን በ18 ስታባዢው የመጀመሪያውን ይሰጥሻል። 6.8 ማለት 122፣ 7.1 ማለት 128 ነው። እንዳለ ብትተዪው 6.8 ከ120 ጋር ተደምሮ አማካዩን ገደል ይከተዋል፤ ኤክሴልም "ትንሹ ቁጥር 6.8" ብሎ ያስደነግጥሻል። ነጥብ ያለበትን ሁሉ ቀይሪ፣ ማስታወሻው ላይ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር አቆዪው።

እንግዲህ ወደ መገልበጡ። አንድ ልኬት አንድ መስመር ይያዝ። ዓምዶቹ፦ A ሳምንት (ከ1 እስከ 6)፣ B ቀን፣ C ዓይነት፣ D ቁጥር፣ E የግፊቱ የታችኛው ቁጥር፣ F ማስታወሻ። ግፊትን 148/86 ብለሽ አንድ ሳጥን ውስጥ አትጻፊ። ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይወስደውና አያሰላልሽም። 148 D ላይ፣ 86 E ላይ።

C ላይ አራት ቃል ብቻ ይኑርሽ፦ ግጠ (ግፊት ጠዋት)፣ ግማ (ግፊት ማታ)፣ ስባ (ስኳር በባዶ ሆድ)፣ ስም (ስኳር ከምግብ በኋላ)። ያሳጠርኩት ለኤክሴል ብዬ ነው። አንዱ ቦታ "ጠዋት" ሌላው ቦታ "ጧት" ብትጽፊ ለእኔና ለአንቺ ያው ነው፣ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ያልመሰለውን ምንም ሳይናገር ይጥለዋል። ያልተለካበት ቀን ባዶ ይሁን፤ ዜሮ ከጻፍሽ እንደ ልኬት ይቆጥረዋል።

ለአራተኛው ሳምንት ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
=AVERAGEIFS(D:D,A:A,4,C:C,"ግጠ")
=AVERAGEIFS(E:E,A:A,4,C:C,"ግጠ")
=AVERAGEIFS(D:D,A:A,4,C:C,"ስባ")
=MINIFS(D:D,A:A,4,C:C,"ስባ")
=MAXIFS(D:D,A:A,4,C:C,"ስባ")
=COUNTIFS(A:A,4,C:C,"ስባ",D:D,"<>")
=COUNTIFS(A:A,4,C:C,"ስባ",D:D,"<70")
=COUNTIFS(A:A,4,D:D,"HI")
```

ለሌላው ሳምንት 4ን፣ ለሌላው ዓይነት ኮዱን መቀየር ብቻ ነው። ጎግል ሺትስም ላይ ይሠራሉ። ከሁሉ በፊት ግን ስድስተኛውን ተጠቀሚ፦ ደብተሩ ላይ በጣትሽ ቆጥረሽ ሰባት ካገኘሽ ቀመሩም ሰባት ማለት አለበት። ስድስት ካለ አንዱን ኮድ አሳስተሽ ጽፈሻል። ከዚያ አባትሽ ደብተሩን ያንብቡልሽ፣ አንቺ ስክሪኑን ተከተዪ። 116ን 161 ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፤ ቀመር ደግሞ አይዝሽም።

ግራፉ ላይ ብዙ አትጨነቂ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ግራፍ፣ የግፊቱ ከላይ የስኳሩ ከታች። በአንድ ላይ አትሥሪያቸው፤ የግፊት 140 እና የስኳር 140 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድና ያላቸው ይመስላሉ፣ የላቸውም።

ለእያንዳንዱ ሳምንት ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪ፤ አማካዩ ላይ ነጥብ አድርጊ። ለግፊት በየሳምንቱ ሁለት መስመር ይሆናል፣ አንዱ የጠዋት አንዱ የማታ፣ የላይኛው ቁጥር ብቻ። የታችኛው ከግራፉ ሥር በሰንጠረዥ ይግባ፤ ሁሉንም ላስገባ ካልሽ ግራፉ ድር ይሆንብሻል። 135 ላይ አግድም መስመር ይለፍ። ስኳሩ ላይ ከ80 እስከ 130 ያለውን ቀለም ቀቢው፣ 70 ላይ ቀይ መስመር አድርጊ። ሐኪሙ ለአባትሽ ሌላ ግብ ሰጥተዋቸው ከሆነ የእኔን ትተሽ የሳቸውን አስምሪ። ክኒን የተቀየረበት ወይም የታመሙበት ሳምንት ካለ እዚያው ላይ ጻፊው።

ኤክሴል ላይ ይህን የሚሠራው Stock ከሚለው የግራፍ ዓይነት ውስጥ High-Low-Close ነው። ትልቁን፣ ትንሹን፣ አማካዩን በዚሁ ቅደም ተከተል በሦስት ዓምድ ደርድሪለት። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ለስድስት ሳምንት የካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ኤክሴሉ ከሚፈጅብሽ ሰዓት ያንሳል።

የአራተኛው ሳምንት መስመር ሰንጠረዡ ላይ ሲገባ ይህን ይመስላል፦

| | አማካይ | ትንሹ–ትልቁ | ስንት ጊዜ |
|---|---|---|---|
| ግፊት ጠዋት | 147/86 | 143–151 | 7 |
| ግፊት ማታ | 129/76 | 126–132 | 7 |
| ስኳር ባዶ ሆድ | 119 | 61–171 | 7 |
| ስኳር ከምግብ በኋላ | 175 | 148–196 | 4 |

(የግፊቱ ትንሹና ትልቁ የላይኛው ቁጥር ነው።) ከሥሩ፦ "3ኛ ቀን 61፣ ማታ ሳይበሉ ተኝተው ነበር፣ አልቧቸዋል።" ሐኪሙ ሌላውን ሁሉ ባያነቡ ይህቺን መስመር ማንበብ አለባቸው። ስለዚህ ከገጹ አናት፣ ከግራፉም በላይ፣ ከ70 በታች የሆኑትንና HIን የያዘ አጭር ሳጥን ይኑር።

61ና HIን ግን ቀጠሮ እስኪደርስ ይዘሻቸው አትቀመጪ። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ዛሬ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ በተለይ አባትሽ ኢንሱሊን ወይም ስኳር ሊያወርድ የሚችል ክኒን የሚወስዱ ከሆነ። ግፊቱም ከ180/120 ካለፈ ጥቂት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የንግግር መንተባተብ ወይም የአንድ ጎን መዛል አብሮ ካለ ግን ሳይደግሙ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከቀጠሮው በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት ለግፊቱ በሥርዓት አስለኪያቸው። ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ አርፎ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ከተቀመጡ በኋላ ይለኩ። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ። ሁለቱም ይጻፉ፣ ምርጫ የለም! ለሰባት ቀን እንዲህ ካደረጉ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ከአማካዩ አውጪው፤ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ከፍ ማለት ይወዳል። ይህን ሳምንት ከሌሎቹ ሳምንታት ለይተሽ "በሥርዓት የተለካ" በዪው። ሐኪሙ የበለጠ የሚያምኑት እሱን ነው።

በቀጠሮው ቀን ገጹን ሁለት ኮፒ አድርጊ፤ አንዱ ፋይላቸው ውስጥ ይቀመጣል። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥያቄ ከመጣ ገለጥ ይደረጋል። የግፊት ማሽኑንም ከነማሰሪያ ጨርቁ ያዙት። እዚያው ከክሊኒኩ ማሽን ጋር ተራ በተራ ይለካበት፣ ማሰሪያው ለክንዳቸው ልክ መሆኑንም ነርሷ ትይላችሁ። የጠበበ ማሰሪያ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ 147ቱ ከዚያ የመጣ ከሆነ ክኒን ከመጨመሩ በፊት ቢታወቅ ይሻላል።